በንዴት የተጻፈ የሥራ መልቀቂያ ኢሜይል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለዓመታት በሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ስሠራ ብዙ የመልቀቂያ ደብዳቤ አንብቤያለሁ። ሌሊት በንዴት የተጻፉትን ከመጀመሪያው መስመር ለይቼ አውቃቸዋለሁ። ከጻፏቸው ሰዎች አብዛኞቹ ንዴታቸው እውነተኛ ነበር፤ በደሉም ደርሶባቸዋል። ደብዳቤው ግን የበደላቸውን ሰው ሳይነካ እነሱኑ ሲጎዳ አይቻለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ሠራተኞች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ናቸው። መልሶቹ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደሩ የግል ድርጅት ሠራተኞች የተጻፉ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ፣ ቀኑንና ክፍያውን የሚመለከተው ክፍል ለእነርሱ አይሠራም።

በተናደድኩበት ሰዓት ምንም ባልጽፍ አይሻልም?

ይጻፉ። በሆድ የታመቀ ነገር በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ በአፍ ከሚወጣ በወረቀት ቢወጣ ይሻላል። ዋናው ጥያቄ የት ይጻፉት የሚለው ነው። በመሥሪያ ቤቱ የኢሜይል አድራሻ ውስጥ አይጻፉት። ያልተላከ ረቂቅም ቢሆን በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ሊያየው ይችላል። በደብተር ወይም በግል ኮምፒውተርዎ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፉት። በግል ኢሜይል የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ የተቀባዩን አድራሻ የሚሞላበትን ቦታ ባዶ ይተዉት፤ ተቀባይ የሌለው መልእክት ጣት ቢያመልጥ እንኳ አይሄድም።

ጂሜይል የተላከን መልእክት ለመመለስ Undo Send የሚል አማራጭ አለው። ረጅሙ ጊዜ ግን 30 ሰከንድ ነው፤ ካልቀየሩት ደግሞ 5 ሰከንድ ብቻ ነው። ንዴት በ30 ሰከንድ አይበርድምና በዚህ አይተማመኑ።

ደብዳቤዬን የሚያነበው አለቃዬ ብቻ አይደለም?

አለቃዎ አንድ ጊዜ ያነበዋል። ከዚያ ወደ ግል ማኅደርዎ ይገባና እዚያው ይቀመጣል። ከሦስት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ አዲስ ቀጣሪ ስልክ ደውሎ ስለ እርስዎ ሲጠይቅ፣ ስልኩን የሚያነሣው ሰው እርስዎን ፈጽሞ አይቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። አለቃዎ ለቀው፣ የሰው ኃይል ኃላፊውም ተቀይሮ ይሆናል። ያ አዲስ ሰው ማኅደሩን ሲከፍት ከላይ የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻውን ወረቀት ነው። የሦስት ዓመት ትጋትዎ በውስጡ ተጽፎ አይጠብቀውም። የሚጠብቀው የመልቀቂያ ደብዳቤዎ ነው።

እኔ ራሴ በዚያ ወንበር ተቀምጫለሁ። የማላውቃትን ሠራተኛ ማኅደር ከፍቼ «ሌቦች ናችሁ» የሚል ደብዳቤ ሳገኝ፣ ለደወለው ሰው ምን እንደምል ጨንቆኝ ያውቃል። እውነቷን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የማረጋግጥበት መንገድ አልነበረኝም። ስለዚህ «በእርግጥ እዚህ ሠርታለች» ብዬ ዝም አልኩ። ጠያቂው ከዝምታዬ ምን እንደተረዳ መገመት አያዳግትም። ደብዳቤውን ሲያርሙ ይህን የማያውቅዎትን አንባቢ ፊትዎ ያስቀምጡት።

አንድ የንዴት ደብዳቤ በምሳሌነት ማየት ይቻላል?

የማውቃት የሒሳብ ባለሙያ የጻፈችውን፣ ማንነቷን የሚገልጠውን አውጥቼና ቀኑን ለምሳሌ ያህል አስተካክዬ ላሳይዎት። በአንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. በተደረገ ስብሰባ ትጠብቀው የነበረው እድገት ከእሷ በኋላ ለተቀጠረ ሰው መሰጠቱ ተነገረ። ጥያቄ ስታነሣ የክፍሉ ኃላፊ በሰው ፊት ገሠጿት። በዚያው ሌሊት ይህን ጻፈች፦

> ጉዳዩ፦ በቃኝ!!!
>
> ላለፉት ሦስት ዓመታት የዚህን ክፍል ሥራ ለብቻዬ ተሸክሜ ኖሬያለሁ። በዚህ ቢሮ ግን የሚታየው ዝምድና እንጂ ሥራ አይደለም። የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ እንኳ በቅጡ መሥራት ለማይችል ሰው ዛሬ የሰጣችሁት እድገት ለዚህ ምስክር ነው። እርስዎም በስብሰባ መካከል ያዋረዱኝን መቼም አልረሳውም። የአራት ቅዳሜ የትርፍ ሰዓት ክፍያዬንም በልታችሁ ቀርታችኋል። ከነገ ጀምሮ አልመጣም። የጥቅምትን ሒሳብ እድገት የሰጣችሁት ሰው ይዝጋው! እኔ ስሄድ ይህ ክፍል ምን እንደሚሆን አብረን እናያለን። እግዚአብሔር የሥራችሁን ይስጣችሁ።
>
> ግልባጭ፦ ለሁሉም ሠራተኞች

ደግነቱ አልላከችውም። ማክሰኞ ጠዋት ደውላ አነበበችልኝ፤ ከሰዓት በኋላ አብረን ተቀመጥን።

ከዚህ ውስጥ ምን ይወጣል፣ ምን ይቀራል?

በመጀመሪያ የጠየቅኋት «ከዚህ ውስጥ አንዲት የማታውቅሽ ሴት ከሦስት ዓመት በኋላ ብታነበው ሳትጠይቅ የምታምነው የትኛውን ነው?» ብዬ ነው። አንድ በአንድ ሄድንበት።

«ላለፉት ሦስት ዓመታት» የሚለው እውነት ነው፤ ማስረጃውም ማኅደሩ ውስጥ አለ። ስለዚህ ይቀራል፣ ግን የሥራ መደቡንና የቅጥሩን ወር ጨምረን። «ለብቻዬ ተሸክሜ» ግን ይወጣል። አብረዋት የሠሩት ሦስት ባልደረቦች ግልባጩ ቢደርሳቸው በዚያች ቃል ይቀየሟት ነበር። እነዚያ ባልደረቦች ደግሞ ነገ በሌላ ድርጅት የሚመሰክሩላት ሰዎች ናቸው። በንዴት የተጻፈ ደብዳቤ አንዱ ክፋቱ ይህ ነው፤ የተተኮሰበትን ሰው ስቶ አጠገቡ የቆሙትን ያቆስላል።

የዝምድናው ነገር ክስ ነው። ክስ ማስረጃ ይፈልጋል፤ እሷ የነበራት ደግሞ ጥርጣሬ ነበር። ጥርጣሬዋ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በመልቀቂያ ደብዳቤ ውስጥ ግን ልታረጋግጠው አትችልም። እድገት ስላገኘው ሰው ችሎታ የተጻፈውም እንዲሁ ይወጣል። ያ ሰው እድገቱን ለራሱ አልሰጠም። ከዚህም በላይ፣ በሙያዋ አብራው የምትኖር ሰው ነው፤ የሒሳብ ባለሙያዎች ዓለም ጠባብ ናት።

ስብሰባ ላይ ስለደረሰባት ውርደት ረጅም ጊዜ ተነጋገርን። ይህ ሕመሟ ነበርና በቀላሉ «አውጪው» ማለት አልቻልኩም። በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነገር በፊት ለፊት ቢነገር ኃይል እንዳለው፣ በደብዳቤ ውስጥ ግን ኃይሉን እንደሚያጣ ነው። ደብዳቤውን ካስገባች በኋላ ኃላፊውን ለብቻቸው አግኝታ «አቶ እገሌ፣ ሰኞ ዕለት በሰው ፊት የተናገሩኝ ነገር አሳዝኖኛል» ብላ ነገረቻቸው። ይቅርታ አልጠየቋትም፤ ግን ዝቅ ብለው ሰሟት። ይህን በኢሜይል አታገኘውም ነበር።

የትርፍ ሰዓት ክፍያው የሕግ ጥያቄ ነው። እውነት ነው፣ ሊረጋገጥም ይችላል፤ ቦታው ግን ሌላ ደብዳቤ ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

«ከነገ ጀምሮ አልመጣም» ከሁሉ አደገኛዋ ዓረፍተ ነገር ናት። በአዋጁ አንቀጽ 31 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራ መልቀቅ የሚችለው የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነው። ይህን ሳያደርግ የሄደ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሣ ሊከፍል ይችላል፤ ካሣው ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ገንዘቡ ይቅርና፣ ርክክብ ሳይፈጽሙ የሄዱበት ድርጅት ክሊራንስ ሲጠይቁት ፊቱን ያዞራል። አዲሱ ቀጣሪ ደግሞ በአብዛኛው መልቀቂያና ክሊራንስ ይዘው እንዲመጡ ይፈልጋል። ደብዳቤዋ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ተበዳይዋን ሴት በዳይ አደረገቻት።

የጥቅምትን ሒሳብ አለመዝጋት ማስፈራሪያ ነው፣ የመጨረሻዋ ምርቃት መሰል እርግማንም እንዲሁ። ሁለቱም ወጡ። «ለሁሉም ሠራተኞች» የሚለው ግልባጭ ወጥቶ በቦታው የክፍሉ ኃላፊ ብቻ ገቡ። ርዕሱም ተቀየረ፤ በኢሜይል ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚነበበው እሱ ነውና።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረው አንድ እውነት ብቻ ነበር፦ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ እለቃለሁ። ፊቷ ላይ ቅሬታ አየሁ። «ታዲያ የተናገርኩት ነገር የት ሄደ?» አለችኝ። ቦታ ቦታውን ይዟል አልኳት፤ አንዱ ወደ ክፍያ ጥያቄ፣ አንዱ ወደ ፊት ለፊት ንግግር፣ ሌላው ወደ ደብተሯ።

የታረመው ደብዳቤ ምን መሰለ?

ረቡዕ ጥቅምት 20 የገባው ይህ ነው፦

> ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
>
> ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
>
> ጉዳዩ፦ የሥራ መልቀቂያ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት
>
> ከመስከረም ወር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በድርጅቱ የሒሳብ ክፍል በሒሳብ ባለሙያነት በማገልገል ላይ እገኛለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን ቅድመ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ሥራዬን በራሴ ፈቃድ የምለቅ መሆኑን በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ይሆናል።
>
> እስከዚያው የጥቅምት ወር ሒሳብን ዘግቼ፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቂያዎችንና ያልተሰበሰቡ ሒሳቦችን ዝርዝር ለሚመደበው ባልደረባ በጽሑፍ አስረክባለሁ። በእጄ የሚገኙትን ላፕቶፕና የካዝና ቁልፍ በርክክብ ቅጽ እመልሳለሁ።
>
> የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀቴ፣ ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ ክፍያና ክሊራንስ እንዲዘጋጅልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> በቆይታዬ የወር ሒሳብ መዝጊያን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኃላፊነት ለመሥራት ስላገኘሁት ዕድል አመሰግናለሁ።
>
> ከሠላምታ ጋር
>
> ግልባጭ፦ ለሒሳብ ክፍል ኃላፊ

ለሰው ኃይል ክፍሉ መጻፉን ልብ ይበሉ። የተናደዱበት ሰው ስም ከደብዳቤው አናት ሲነሣ ቃላቱም ሳይታወቅ ይበርዳሉ። የርክክቡ አንቀጽ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅማት ነው። ከዓመታት በኋላ ማኅደሩን የሚከፍተው ሰው «ሥራዋን ሳታስረክብ ሄደች» የሚል ወሬ ቢሰማ እንኳ፣ ምን እንደምታስረክብ በስም ዘርዝራ መጻፏን ያያል።

የማላምንበትን ምስጋና መጻፍ ውሸት አይሆንም?

ውሸት ከሆነ አይጻፉት። «ድርጅቱ ላደረገልኝ መልካም ነገር ሁሉ» የሚል ጥቅል ምስጋና ለጻፈውም ለሚያነበውም ባዶ ነው። እሷም መጀመሪያ አሻፈረኝ ብላ ነበር። «ከዚህ ቤት የተማርሽው አንድ ነገር የለም?» ስላት ግን ጥቂት አሰበችና የወር መዝጊያን እዚያ እንደተማረች ነገረችኝ። ያ እውነት ነው፤ ደግሞም ለሚቀጥለው ቀጣሪ ምን መሥራት እንደምትችል ይናገራል። አንድም እውነተኛ ነገር ካላገኙ «ከሠላምታ ጋር» ብለው ይዝጉ። ምስጋና የሌለው ደብዳቤ ጨዋነት አይጎድለውም።

የምለቅበትን ምክንያት መጻፍ ግዴታ ነው?

በአንቀጽ 31 መሠረት በማስጠንቀቂያ ለሚለቅ ሠራተኛ ግዴታ አይደለም። «በራሴ ፈቃድ» የሚለው ይበቃል። «በግል ችግር ምክንያት» ብለው የሌለ ሰበብም አይፍጠሩ፤ ሲጠየቁ የሚያብራሩት ሌላ ውሸት ያስፈልግዎታል።

ጨዋ ደብዳቤ መጻፍ ራሴን የሚጎዳበት ጊዜ አለ?

አለ፤ ይህን በጥንቃቄ ያንብቡልኝ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ ለተራ በደል ነው፤ ለተዘለለ እድገት፣ ለክፉ ቃል፣ ለአድልዎ። የአዋጁ አንቀጽ 32 ግን ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ወዲያውኑ ሊለቅ የሚችልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። አሠሪው ሰብአዊ ክብርንና ሥነ ምግባርን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት፣ ወሲባዊ ትንኮሳና ጥቃትን ጨምሮ፤ ለደኅንነቱ ወይም ለጤናው የሚያሰጋ አደጋ ተደቅኖ አሠሪው እያወቀ እርምጃ ካልወሰደ፤ ወይም አሠሪው መሠረታዊ ግዴታዎቹን በተደጋጋሚ ካልፈጸመ፣ ለምሳሌ ደመወዝ ደጋግሞ ካልከፈለ።

ከእነዚህ አንዱ የደረሰበት ሰው «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ፣ ስለሁሉም አመሰግናለሁ» ብሎ ከጻፈ፣ በኋላ ካሣ ሲጠይቅ የራሱ ደብዳቤ ይመሰክርበታል። በአንቀጽ 32 የሚለቅ ሠራተኛ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። መብቱም ጊዜ አለው፤ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በኋላ 15 የሥራ ቀናት ካለፉ ይቋረጣል። እዚህ ላይ ለስላሳ መሆን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ቀን፣ ቦታ፣ የተደረገው ነገርና ያየ ሰው ነው፤ ስድብ ግን እዚህም አይጠቅምም። ከመላክዎ በፊት ከሕግ ባለሙያ ወይም ከሠራተኛ ማኅበር ጋር ይማከሩ።

የሒሳብ ባለሙያዋ በስብሰባ መገሠጽ በዚህ ውስጥ ይገባል ወይ ብላ ጠይቃኝ ነበር። አንድ ጊዜ የተነገረ ኃይለ ቃል ነበር፤ ስድብም አልነበረበትም። በእሱ ተማምና ያለ ማስጠንቀቂያ ብትወጣ የ30 ቀን ካሣው ሊመጣባት ይችል ነበር።

ያልተከፈለኝን የትርፍ ሰዓት በመልቀቂያው ውስጥ ካልጠየቅሁ መብቴ ይቀራል?

አይቀርም። መልቀቂያው ስለ ክፍያው ዝም ማለቱ ክፍያውን መተው አይደለም። የሚያስቀረው የጊዜው ማለፍ ነው፦ የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ በተለየ ደብዳቤ፣ በዚያው ሳምንት ይጠይቁ። እሷ የጻፈችው አራቱን ቅዳሜዎች በቀናቸው፣ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት፣ ሥራውን ያዘዛትን ኢሜይል ቅጂ አያይዛ ነበር። «በልታችሁ ቀርታችኋል» ከሚለው ይልቅ ይህ ሰንጠረዥ ሠርቷል። ክፍያው ከመጨረሻ ደመወዟ ጋር ተካቶ መጣ።

ውሉ ሲቋረጥ አሠሪው ደመወዝና ሌሎች ክፍያዎችን በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። ሠራተኛው በእጁ ያለውን ንብረት ወይም ሒሳብ ማስረከብ በራሱ ጥፋት ካዘገየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል። ላፕቶፑንና ቁልፉን በቅጽ መመለስ የክፍያ ጉዳይም ነው።

30 ቀኑን እንዴት ልቁጠር?

ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ይጀምራል። በጥቅምት 20 የገባው ደብዳቤ ከጥቅምት 21 ተቆጥሮ በኅዳር 20 ይሞላል። ወሮቻችን 30 ቀን ስለሆኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መቁጠር ቀላል ነው፤ ጳጉሜን መሐል ከገባች ግን ቀኖቿን መርሳት አይገባም። ድርጅቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ የመጨረሻውን ቀን በሁለቱም ይጻፉት። «ከአንድ ወር በኋላ» ብቻ ብለው አይለፉት፤ ስንት ሰው በዚያች ቃል በሁለት ቀን ልዩነት ሲከራከር አይቻለሁ።

በኢሜይል መላክ ይበቃል? «አንቀበልም» ቢሉኝስ?

የሥራ መልቀቅ መብት የአሠሪውን ፈቃድ አይጠይቅም። የሚጠየቁት ማሳወቅ ነው፤ ማሳወቅዎን ደግሞ ማስረዳት መቻል አለብዎት። ስለዚህ የተፈረመበትን ደብዳቤ ስካን አድርገው በኢሜይል ያያይዙ፤ የኢሜይሉ ሐሳብ «የሥራ መልቀቂያ ማስጠንቀቂያዬን አያይዤ ልኬያለሁ፣ መድረሱን እንዲያረጋግጡልኝ እጠይቃለሁ» ከሚል አይብለጥ። በግልባጭ ወደ ግል አድራሻዎ ይላኩ፤ ከለቀቁ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ይዘጋብዎታል። ወረቀቱን ደግሞ በሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ይሂዱና በእርስዎ ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። መዝገብ ቤቱ እምቢ ካለ በአደራ ፖስታ ይላኩት፤ ደረሰኙን ያስቀምጡ። በቴሌግራም ብቻ የተላከ መልቀቂያ ግን አይበቃም ብዬ አስባለሁ፤ የሚጠፋ፣ የሚካድም ነውና።

ጥሩ ምስክርነት እንዲሰጡኝ እንዴት ላድርግ?

በመጀመሪያ ወረቀቱንና ሰውየውን ይለዩ። አሠሪው በሕግ የሚገደደው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት ነው። «ታታሪና ቅን ሠራተኛ ነበሩ» የሚለው አንቀጽ በጎ ፈቃድ ነው። የጎደለ ቢሆን መክሰሻ የለም። «በራሳቸው ፈቃድ ስለለቀቁ» የሚለውን ግን ከእርስዎ ደብዳቤ ነው የሚገለብጡት፤ ለዚህ ነው ያንን ቃል እኛም ቀድመን የጻፍነው።

ከወረቀቱ ይበልጥ የሚወስነው ስልክ ነው። ለዚህ የሚመሰክርልዎትን ሰው ራስዎ ይምረጡ፤ ሥራዎን በቅርብ ያየ፣ ያልተጣላዎት ሰው። በመልቀቂያው ውስጥ አይጠይቁት። ርክክቡ ሲያልቅ፣ በመጨረሻው ሳምንት፣ ፊት ለፊት ይጠይቁት፦ «ስለ ሥራዬ የሚጠይቅ ሰው ቢደውል ስልክዎን ልሰጥ?» ካመነታ አመስግነው ይለፉ። እሷ የመረጠችው የውስጥ ኦዲተሩን ነበር። ይሁንና ከጊዜ በኋላ ያመለከተችበት ድርጅት በራሱ የክፍሉን ኃላፊ አግኝቶ ጠየቃቸው፤ ቀጣሪ ስልክ ከሰጡት ሰው ብቻ አይጠይቅም። «ወሩን ዘግታ፣ ሁሉን አስረክባ ነው የሄደችው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሥራውን አገኘች።

የንዴቱን ኢሜይል ልኬዋለሁ። አሁን ምን ላድርግ?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ግን በወረቀት ላይ ወረቀት መደረብ ይቻላል። በአውትሉክ Recall የሚለውን መሞከር ይችላሉ፤ የሚሠራው ተቀባዩ በዚያው ድርጅት ሥርዓት ውስጥ ሲሆን ነው፤ ያነበበውን ሰው ግን አያስረሳም። ደግሞም አንዳንድ ጊዜ «ሊመልስ ሞክሯል» የሚል ማሳወቂያ ይደርሰዋልና ትኩረት ይስባል።

የሚጠቅመው በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግስቱ፣ የታረመውን ደብዳቤ መላክ ነው። በመግቢያው ይህን ይጨምሩ፦ «ትናንት የላክሁት መልእክት በስሜት የተጻፈ ስለነበር አነጋገሩን በተመለከተ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የመልቀቅ ውሳኔዬን የሚገልጸው ከዚህ ጋር የተያያዘው ደብዳቤ ስለሆነ፣ በማኅደሬ ይህ እንዲቀመጥ እጠይቃለሁ።» ይቅርታው ለአነጋገሩ እንጂ ለቅሬታው አለመሆኑን ልብ ይበሉ። «ከነገ ጀምሮ አልመጣም» ብለው ከነበረ በማግስቱ ጠዋት በሰዓቱ ሥራ ይግቡ፤ አዲሱ ደብዳቤ የሰጠውን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚያጸናው መገኘትዎ ነው።

መልቀቁን ራሱ መተው ከፈለጉ ግን ፍጥነት ያስፈልጋል። አንዴ የደረሰን መልቀቂያ አሠሪው እንዲመልስ የሚገደድበት ምክንያት ስለሌለ፣ ማንሣቱ በእርሱ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። በቦታዎ ሰው መፈለግ ከመጀመሩ በፊት፣ ኢሜይሉን ትተው በአካል ሄደው ይነጋገሩ፤ ከተስማሙ በኋላ ስምምነቱን በአንዲት አጭር ደብዳቤ አጽፈው ማኅተም ያስደርጉበት።